ካልሆነ ደውሉልኝ

ወንበሩን ስረከብ ሹራቡ አብሮ ነበር። አረንጓዴ ነው፣ ክርኑ ላይ ሳስቷል፣ መደገፊያው ላይ እንደተጣለ ቀርቷል። ለባሿ ሞታለች። በመጀመሪያው ሳምንት «ይህን ማን ይውሰደው?» ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ድንገት ሥራ በዛበት። የጽዳት ሠራተኛችን ሹራቡን ታነሳለች፣ ወንበሩን ትወለውላለች፣ ሹራቡን መልሳ እዚያው ታኖረዋለች። እኔም እልኸኛ ነኝ። ማንም ካላነሳው እኔ ለምን አነሳለሁ አልኩና፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጀርባዬን የሞተች ሴት ሹራብ ላይ አስደግፌ ሠራሁ።

መሥሪያ ቤታችን ዲላ ውስጥ ያለ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በጌዴኦ ገጠር የስኳር ሕመም ያለባቸውን ልጆች እንከታተላለን። እነዚህ ልጆች በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጉ አይኖሩም፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ማጋነን የለበትም። መድኃኒቱ ቢሯችን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። አብዛኞቹ ወላጆች ራሳቸው መጥተው ይወስዳሉ። ባንኮ ጎቲቲ ያለችው ልጅ ግን ሩቅ ናት፤ የእሷ በየሳምንቱ ሐሙስ በቀዝቃዛ ቦርሳ ታሽጎ፣ ወደ ገደብ በሚሄድ ሚኒባስ ይላካል። አባቷ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይቀበላል።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ከእኔ በፊት የነበረችውም ነርስ ነበረች። ነርስ ደግሞ ስም የላትም፣ ሁላችንም «ሲስተር» ነን። እሷ የወሊድ ፈቃድ ወጣች፣ ወለደች፣ ደም ፈሰሳት፣ በዚያው ቀረች። በሕይወት እያለች አይቻት አላውቅም። የማውቀው ሹራቧንና የርክክብ ወረቀቷን ነው።

ወረቀቷ አንድ ገጽ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ይወደው ስለነበር ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር፤ «ርክክብ ማለት እንዲህ አጭርና ግልጽ ነው» ይለን ነበር። እውነትም ያምራል። ማቀዝቀዣው ጠዋትና ማታ ይታያል፣ ካልሆነ ደውሉልኝ። የባንኮ ጎቲቲ መድኃኒት ሐሙስ ይሄዳል፣ ካልሆነ ደውሉልኝ። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ካልሆነ ደውሉልኝ። ከግርጌው ስልክ ቁጥሯ አለ። መጀመሪያ ሳነበው ምን ዓይነት ትሁት ሰው ናት ብዬ ነበር። እኔ ራሴ አርግዤ፣ የራሴን ፈቃድ ለማቀድ ስነሳ እንደገና ሳነበው ግን ደነገጥኩ። እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ የቆመችው እሷ ናት። እሷ ከሌለች መስመሩ የትም አይደርስም።

ስለዚህ አንድ ነገር ማልሁ፤ በእኔ ወረቀት ላይ «ደውሉልኝ» የሚል ቃል አይገባም። ስልኬንም አልጽፍም።

ይህን ስናገር የመጋዘን ሠራተኛችን፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ አማተቡ። «ምነው ሲስተር፣ ኑዛዜ ነው እንዴ የምትጽፊው? ነፍሰ ጡር ሴት እኮ እንዲህ ያለ ነገር አትጠራም» አሉ። የጽዳት ሠራተኛዋም የሕፃን ልብስ እንኳ ገና ሳይወለድ አይገዛም አለች። እኔ ሳቅሁባቸው። «አራት ወር ፈቃድ ነው የምወጣው፣ ወደ መቃብር አይደለም» አልኳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እፈራ ነበር። ማታ ማታ ሆዴን ይዤ ስተኛ የማስበው እሷን ነበር፤ እሷም እኮ እንደኔ «እመለሳለሁ» ብላ ነው ሹራቧን ወንበር ላይ የጣለችው።

ወረቀቱን በሁለት ከፈልኩት። አንዱ ለሥራ አስኪያጁ ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደማልኖር፣ የትኛው ሥራ እንደሚቀጥል፣ የትኛው እስክመለስ እንደሚቆም፣ ማን ምን የመወሰን ሥልጣን እንዳለው፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችልና ያኔ ምን እንደሚደረግ ብቻ። የገጠር የቤት ለቤት ጉብኝት እንዲቆም ጻፍኩ፤ ሁሉንም እንቀጥላለን ብሎ መዋሸት ለማንም አይጠቅምም። የመድኃኒት መጠን የሚቀይረው የሆስፒታሉ ሐኪም ብቻ መሆኑን፣ ተተኪዬ ቢጨነቅም እንዳይነካ፣ አሰመርኩበት። ሁለተኛው ለተተኪዬ ነው፤ ረዥም፣ እርምጃ በእርምጃ። በየእርምጃው ፊት ሦስት ነገር አስቀመጥኩ፤ ማን ይሠራዋል፣ እሱ ከሌለ ማን ይሠራዋል፣ መሠራቱ በምን ይታወቃል።

ተተኪዬ ከአዲስ አበባ እዚህ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ ተምሮ በዚያው የቀረ ወጣት ነርስ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን ሁሉን ነገር በፈገግታ የሚያልፍ ዓይነት። ወረቀቱን አንብቦ «ክሊር ነው ሲስ፣ ኖ ፕሮብሌም» አለኝ። እኔ «ክሊር ነው» በሚባል ነገር አላምንም። ሰው ሲያነብ የሚገባው ነገር ሲሠራ ይጠፋበታል። ስለዚህ ፈቃዴ ከመድረሱ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ሥራውን ሁሉ እሱ ከወረቀቱ ብቻ እያየ እንዲሠራ፣ እኔ ወንበሬ ላይ እንድቀመጥና እንዳልናገር ተስማማን። ቢጠይቀኝ አልመልስም። የማይገባውን ወረቀቱ ላይ በቀይ ይጽፋል። «እኔ የለሁም» አልኩት።

«አቦ ሲስ፣ ሙት ነኝ ብለሽ አፍጥጠሽ ልታዪኝ?»

«አዎ» አልኩት።

የመጋዘኑ ሰውዬ ያን ሳምንት በእኔ በር ማለፍ ተዉ።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ብዙ ቀይ ተጻፈ። የጄኔሬተሩ ቁልፍ የት እንደሚሰቀል አልጻፍኩም ነበር። የመለዋወጫ ቴርሞሜትሩ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አልጻፍኩም። ዝም ማለት ከምጥ የሚብስ መሰለኝ፤ ምላሴን ነክሼ ሲፈልግ አየዋለሁ። ግን ደስም ይለኝ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀይ ነጥብ እኔ ብሞት ሊጠፋ የነበረ ነገር ነው። እንዲህ ነበር የማስበው፣ በዚሁ ቃል።

ሐሙስ ጠዋት ቦርሳውን ወረቀቱ እንደሚለው አሸገ። በረዶው ኢንሱሊኑን እንዳይነካውና እንዳያረጋው በጨርቅ ጠቀለለው። ከዚያ ቀጣዩን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። «ሾፌር መጥቶ ይወስዳል፤ አባት መንገድ ላይ ይቀበላል።» ወደ እኔ ዞረ። «የትኛው ሾፌር? ዛሬ እንደሚመጣ ማን ነገረው?»

አልመለስኩም። ውሉ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን መልሱም አልነበረኝም። ሾፌር ሁልጊዜ ይመጣል። ሐሙስ ጠዋት ጥሩምባ ይነፋል፣ ቦርሳውን እሰጣለሁ፣ ይሄዳል። አንዳንዴ አንዱ ነው፣ አንዳንዴ ሌላው። አባትየው ከሾፌሮቹ ጋር የሚነጋገር ይመስለኝ ነበር። መቼም ቀርቶ ስለማያውቅ ጠይቄ አላውቅም።

እሱ ቀይ እስክሪብቶውን ሳይከድን ውጪ ጥሩምባ ተነፋ። ሚኒባስ በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ቦርሳውን ተቀብሎ፣ «ደህና ዋሉ» ብሎ ሄደ። ተተኪዬ በር ላይ እንደቆመ ቀረ። «እኔ አልደወልኩም» አለ። «አንቺም አልደወልሽም፤ ስልክሽ ከፊቴ ነው ያለው። ታዲያ ማን ጠራው?»

በወረቀቴ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ አንድ እርምጃ ጨምሬ ነበር፤ መድኃኒቱ መድረሱን ለአባቷ ደውለህ አረጋግጥ የሚል። ከሰዓት በኋላ ደወለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«መጥታለች፣ መጥታለች» አለ አባትየው። አማርኛው የተማረው በገበያ ነው፤ ወንዱንና ሴቱን እንደመጣለት ያደርጋል። «መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ናት፣ ጥሩ ናት። ሲስተር ታርጋውን ነግሮኝ ቆሜ ጠበቅሁ።»

«የትኛዋ ሲስተር?»

«ሲስተር ነዋ። ሁልጊዜ የሚደውለው።»

«እዚህ ቢሮ ያለችው?»

«አይ፣ አይ። እሷ ቤቴ የምትመጣው ናት። እኔ የምልህ የሚደውለውን ነው።»

ተተኪዬ አየኝ። ደውዬ አላውቅም፤ ሌላ ቀን ስለ ልጅቷ ስኳር ልኬት ካልሆነ በቀር፣ ለዚያ ሰው ሐሙስ ጠዋት ደውዬለት አላውቅም። «እስቲ ቁጥሯን ንገረኝ» አለው። አባትየው አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ ነገረው። እሱ ሲጽፍ እኔ ግድግዳውን አየሁ። መጨረሻዎቹን ቁጥሮች አባትየው ከመጥራቱ በፊት አውቄያቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቴ ተለጥፈው የኖሩ ናቸው።

ጀርባዬን ከሹራቡ አንስቼ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ሲስ» አለ ተተኪዬ፣ ፈገግታው ጠፍቶ። «አሁን መናገር ይቻላል። በጌታ፣ ተናገሪ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሟቿ ሲስተር እናት ሄድኩ። ገበያው አጠገብ ትንሽ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ቤተሰቡ ከሸዋ መጥቶ ዲላን አገር ካደረገ ቆይቷል። በነጠላና በጋቢ መደርደሪያ መሃል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሆዴን ሲያዩ ተነሱ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አሉና እጃቸውን ሆዴ ላይ አኖሩ። እጃቸው ሰው ከሚያኖረው ጊዜ በላይ ቆየ።

«እማማ» አልኩ፣ «የሲስተርን ስልክ ማነው የሚያነሳው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለኝ?»

ከመቀነታቸው አወጡት። ቁልፎቹ የተፋቁ፣ ባትሪ መብራት ያለው ትንሽ ስልክ ነው።

ነገሩን ያለ ለቅሶ ነገሩኝ፣ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው። አርባዋ በወጣ ሰሞን ስልኩ ጠራ። አንድ ገበሬ «ሲስተር፣ መድኃኒቱ አልመጣም፣ ልጁ ታሟል» ይላል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚል አያውቁም፤ መድኃኒቱ በገደብ ሚኒባስ እንደሚመጣለት ብቻ ነገራቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደለበሱ መናኸሪያ ሄዱ። እዚያ ሚኒባስ የሚወጣው በተራ ነው፤ ወደ ገደብ መጀመሪያ የሚወጣው የማን መኪና እንደሆነ የሚታወቀው በዕለቱ ጠዋት ነው፣ የሚያውቀውም ተራ አስከባሪው ብቻ ነው። ልጃቸው ለካ በየሐሙሱ ተራ አስከባሪው ጋር ትደውል ነበር፤ እሱ ባለተራውን ሾፌር በእኛ በር በኩል እንዲያልፍ ይነግረዋል፣ ታርጋውን ለእሷ ይነግራታል፣ እሷ ለአባትየው። ወረቀቷ ላይ ይህ ሁሉ «ሐሙስ ይሄዳል» ነበር። እናቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ሐሙስ አላቋረጡም።

«ለምን ለቢሮው አልነገሩንም?» አልኩ።

«ምን ብዬ? ልጄ ካልሆነ ደውሉልኝ ብላ ወጣች። ደወሉ። ታዲያ ማን ያንሳው?»

በሞተችው ሴት ተናደድኩባት፤ እናቷ ፊት ተቀምጬ በሙት ተናደድኩ። አንድ መስመር ብትጨምሪ ምን ነበረበት? ደግሞም አዘንኩላት፤ እኔም ያን መስመር አላውቀውም ነበር፣ በወረቀቴም «ሾፌር መጥቶ ይወስዳል» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

እናቷ ያለፈው ክረምት ታመው እንደነበር ነገሩኝ። ትኩሳት ላይ ተኝተው ሐሙስ መሆኑን የሰሙት ከሬዲዮ ነው፤ ግድግዳ ይዘው ተነሱና ደወሉ። «ባልነሳ ኖሮ ያቺ ልጅ ምን ትሆን ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው፣ አይደል? ውሰጂ አልልሽም። ይህ ስልክ ሲጠራ እኮ ልጄ ናት የምትጠራው። ሲስተር ይላል ሰውዬው። አቤት እላለሁ።»

ከዚያ ሱቅ የወጣሁት ሁለት ሰው ሆኜ ነው። አንዷ፣ ሥራ የምታውቀው፣ የልጅቷ ሕይወት ቢሮው በማያውቀው በአንዲት አሮጊት ጤንነት ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም ትላለች። ሌላዋ ልጃቸውን ሁለተኛ ልትቀብሪባቸው ነው ትላለች።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን የሚሠራ ነገር ሲነካ አይወድም። «ሦስት ዓመት ያለ አንድ እንከን ሄዷል» አለኝ። «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ። የሴትየዋን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጻፊና ይቀጥል።»

«ሲታመሙስ?»

«ይደውላሉ።»

«የታመመ ሰው ላይደውል ይችላል። እሳቸው መታመማቸውን እኛ የምንሰማው ልጅቷ ስትወድቅ ነው። አንድ እርምጃ እዚህ ቢሮ ውስጥ ባለቤት ከሌለው ዕቅድ አይደለም፣ ዕድል ነው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሱም ከፍ አደረገ፤ «እንግዲያው ስልኩን ሂጂና ንጠቂያቸው!» አለኝ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ሄጄ ያን ቃል ሳመነዥክ ዋልኩ። መንጠቅ። ስልኩን መንጠቅ ለምን አስፈለገ? የሚያስፈልገው ሥራው እንጂ ስልኩ አይደለም።

ተመልሼ ሄድኩና ሌላ ነገር ለመንኳቸው። «እማማ፣ ልጅዎ ሳታስረክብ ነው የሄደችው። እርስዎ ያስረክቡላት» አልኩ።

ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ መለሱት። «የት?» አሉ።

ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ቢሯችንን ረግጠውት አያውቁም ነበር። ሲገቡ የመጋዘኑ ሰውዬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ሹራቡን አዩት፣ ምንም አላሉም፣ ተደግፈውት ተቀመጡ። ተተኪዬ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ሆኖ ጻፈ፤ እኔ ዳር ቆምኩ።

«ለተራ አስከባሪው ጎህ ሲቀድ ነው የምትደውልለት፤ ከረፈደ የመጀመሪያው መኪና ወጥቷል» አሉት። «ሁለት ናቸው፣ ይፈራረቃሉ፤ የሁለቱንም ቁጥር ያዝ። የአባትየው ስልክ ማታ ጎረቤት ቻርጅ ላይ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ሲያመጣው፣ ቡና ሊለቅም ሳይወጣ ድረስበት። ዝናብ ሲሆን መኪናው ይዘገያል፣ ለአባትየው ንገረው፣ ብርድ ላይ አይቁም። ሾፌሩን ደግሞ ቦርሳውን ከሞተሩ አርቆ እንዲያኖር አሳስበው፤ ይረሳሉ።»

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ እኮ ወረቀቱ ላይ የለም» አለ።

«እኔም ከወረቀት አልተማርኩት» አሉት። ጻፈ። በእያንዳንዱ እርምጃ ፊት የራሱን ስም፣ እሱ ከሌለ የቢሯችንን የሒሳብ ሠራተኛ ስም አስገባ። የሒሳብ ሠራተኛዋም እዚያው ሆና ለሁለቱም ተራ አስከባሪዎች ደውላ ተዋወቀቻቸው። ያልሞከሩት ነገር ወረቀት ላይ ስሙ ብቻ ነው ያለው፣ ይህን ያን ሳምንት ተምሬያለሁ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ለአባትየው መንገር። ማን ይንገረው ብዬ ሳስብ እናቷ ስልኩን አወጡና ደወሉ። እንዴት ድምፅ ከፍ እንደሚደረግ ተተኪዬ አሳያቸው።

«ሲስተር!» አለ ሰውዬው።

«ልጄ» አሉ። «እኔ ሲስተር አይደለሁም። ሲስተር ሞታለች። ቆይቷል። እኔ እናቷ ነኝ። ከእንግዲህ ሐሙስ የሚደውልልህ ሌላ ሰው ነው።»

ስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ ሰውዬው በቀስታ ተናገረ።

«አውቃለሁ፣ እናቴ። ያኔ ሰማን። መንገዱ ጎርፍ ዘግቶት ነበር፣ ልጁም ታሞ ነበር፣ ለቅሶ አልደረስኩም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ብሎ እናቷን ያናግራል? አፈርኩ። ሲስተር ስል አቤት አልሺኝ። እኔም ደስ ካለሽ ብዬ ነው ሲስተር የምልሽ።»

እናቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የመጋዘኑ ሰውዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔ የማደርገውን አጥቼ ወረቀቶቹን አስተካከልኩ፤ ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ በዚህ ስልክ ላይ ለቅሶ ይደረስ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት አንድ የመጨረሻ መስመር ጻፍኩ። መድኃኒቱ እንደደረሰ አባት ለቢሮው ይደውላል፤ ቀጥሎም ለእናቷ ስልክ ይደውላል። እስከ ቀትር ድረስ ለእሳቸው ካልተደወለ፣ እሳቸው ቢሮውን ይጠይቃሉ። ሥራ አስኪያጁ እርሳሱን መስመሩ ላይ አኑሮ «ይህ ሁለተኛው ስልክ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ከሰንሰለቱ ውጪ ያለ ሰው ነው። እዚህ ሁላችንም ብንረሳ የሚያስታውሰን። ደግሞ እሳቸው ቢታመሙና ባይጠይቁን መድኃኒቱ አይቆምም፤ በእሳቸው ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም።»

ይህ እውነት ነበር፣ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም። እሱም ያወቀ ይመስለኛል። ፈረመ። ከዚያ ተነሣና የሟቿን አንድ ገጽ ከግድግዳው ላይ በጥንቃቄ ላጠው፣ ምናልባት ይፈልጉት ይሆናል ብሎ ለእናቷ እንድሰጣቸው አቀበለኝ። እናቷ ግን ከወጡ ቆይተው ነበር፤ ሹራቡም የለም። ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውት ሲወጡ የመጋዘኑ ሰውዬ አይተዋል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን በረደኝ።

ፈቃድ የወጣሁ ዕለት ስልኬን አጠፋሁት። ተተኪዬ በር ድረስ ሸኝቶኝ «ሲስ፣ በጣም ቢጨንቀኝ እንኳ አልደውልም፣ ፕሮሚስ» አለኝ። ልናገር የነበረው «ካልሆነ ደውልልኝ» ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ያቺ ሴት ለምን እንደጻፈችው ያን ጊዜ ገባኝ። ቃሉ ትሕትና አይደለም። ሰው ካለሱ ነገር ሁሉ እንዲቀጥል አይፈልግም፤ ትንሽ ክር አሥሮ ነው መውጣት የሚፈልገው።

ምጤ ረዘመ። ደም ሲሉ ሰማሁ፣ ሲሯሯጡ ሰማሁ፣ ስለ ልጄ ሳይሆን ስለዚያ ሹራብ ሳስብ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቆመ። ሴት ልጅ ወለድኩ፣ ተረፍኩም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ሐሙስን ሰውነቴ ነው ያወቀው፤ ገና ጎህ ሳይቀድ ነቃሁና ስልኬ ያለበትን መሳቢያ ሳይ ነጋ። አሁን ለተራ አስከባሪው ደውሎ ይሆናል። አሁን ታርጋውን ነግሮት ይሆናል። ወይስ ረስቷል? ማንም አይነግረኝም፤ እንዳይነግሩኝ ያደረግሁ እኔው ነኝ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት አላውቅም። ልጄን አቅፌ፣ ሟች ሴት ቤቷን ከውጭ በመስኮት እንደምታይ ሆኜ ቀትርን ጠበቅሁ።

ከቀትር በፊት በሩ ተንኳኳ። እናቷ ናቸው። ትኩስ ገንፎ ይዘዋል፣ አረንጓዴውን ሹራብ ለብሰዋል። በሩ ላይ ቆመው ልጄን አዩ፣ ከዚያ እኔን፣ በደንብ፣ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ተዓምር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ፣ እንባቸው አላስጨረሳቸውም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጄን ይዘው አለቀሱ። የልጃቸው ለቅሶ ገና ያላለቀ ይመስለኛል። እኔም አለቀስኩ።

ስልኩ መቀነታቸው ውስጥ ጠራ።

ወደ ራሳቸው ጆሮ አልወሰዱትም። አውጥተው አነሡትና ጆሮዬ ላይ አኖሩት። ዝናብ ይሰማል፣ የሚያልፍ መኪና ይሰማል፣ ከዚያ የዚያ ሰው ድምፅ፤

«ሲስተር? ደርሳለች። ልጁም ደህና ናት።»

ምንም አልተናገርኩም። እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ። እናቷ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉና «አቤት» አሉ።